መብራት ባለበት ቀን ይሞከርልኝ

ጅማ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ በቆርቆሮ በተሠራች አንዲት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ የሰው አቤቱታ ስጽፍ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። መሬቱን የተቀማ፣ ባሏ ጥሏት የሄደ፣ ደመወዙ የታገደበት፣ ከጎረቤቱ ጋር በአጥር የተጣላ፣ ሁሉም እኔ ፊት ያለችው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ለፍርድ ቤት የሚገባውን በኦሮምኛ፣ ሌላውን በአማርኛ እጽፋለሁ። ስንቱን ሹም፣ ስንቱን ነጋዴ በሰው ስም ሞግቼዋለሁ! በራሴ ስም ግን ለማንም ጽፌ አላውቅም ነበር። ማን ነክቶኝ? የነካኝ ሰው የተገኘው መብራት በፈረቃ በሆነበት ክረምት ነው፤ እሱም እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ነበር።

ፈረቃውን ያላየ ሰው ነገሬ አይገባውም፣ ስለዚህ ልናገር። ግድቡ ውኃ ጎደለው ተብሎ ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ዛሬ እኛ ሠፈር ከበራ መርካቶ ይጨልማል፣ ነገ መርካቶ ከበራ እኛ እንጨልማለን። ሰው ልብሱን የሚተኩሰው፣ ጸጉሩን የሚቆረጠው፣ ስልኩን የሚሞላው በተራው ነው። እኔም ሥራዬን በዚያው ልክ ቆረጥኩት። በብርሃኑ ቀን እጽፋለሁ፣ አትማለሁ። በጨለማው ቀን አጫጭሩን ብቻ በባትሪ እጽፍና፣ ባትሪው ደካማ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ክድን እያደረግኩ፣ «ማተሚያው ነገ ነው፣ ነገ ተመለሱ» እላለሁ።

ላፕቶፑ የእንጀራዬ ገመድ ነው። ሌላ የለኝም። መታመም የጀመረው ደግሞ በክፉ ሰዓት፣ በሐምሌ መጀመሪያ ነው። ነሐሴ ከገባ ፍርድ ቤት ይዘጋል፣ እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ መደበኛ ጉዳይ አይታይም። ያን ጊዜ እኔ ቆርቆሮዬን ቆልፌ ቤቾ ቦሬ ሠፈር ቤቴ ነው የምቀመጠው። የሐምሌ ሥራዬ ነው የክረምቱን የቤት ኪራይና ቀለብ የሚችለው። በሐምሌ የሚሠራ ላፕቶፕ ከሌለኝ አለቀልኝ ማለት ነው።

ሕመሙ እንዲህ ነው። ይነሳል፣ ደህና ይሠራል፣ ግማሽ ሰዓት አካባቢ ሲሆን ድርግም! ምንም ማስጠንቀቂያ የለውም። ሆዱን ስዳስሰው ከምድጃ የወረደ ድስት ነው። ጥቂት ቆይቼ ሳበራው ይነሳል፣ ግን ያላስቀመጥኩት ጽሑፍ የለም።

መጀመሪያ ድርግም ያለው ከሊሙ ገነት ጎህ ሳይቀድ ተነስተው በመጡ አንዲት እናት ፊት ነው። አዴ ነበር የምላቸው፤ እዚህ አገር ትልቅ ሴት እንዲህ ነው የምትጠራው። ባላቸው ሲሞት የባላቸው ወንድም ቡናቸውን «የአባቴ ነው» ብሎ ያዘው። ቡናውን የተከሉት እሳቸው ናቸው፤ ችግኙን በጀርባቸው ተሸክመው፣ ነፍሰ ጡር ሆነው። ይህን ሁሉ እያለቀሱ ነገሩኝ፣ እኔም እየጻፍኩ፣ ጨረስን ስንል ጠፋ። ያኔ በየመሐሉ የማስቀመጥ ልማድ አልነበረኝም፤ ከዚያ ወዲህ ነው የለመድኩት።

«መል ተኤ?» አሉኝ። ምን ሆነ ማለታቸው ነው።

«ማሽኑ ደከመው አዴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጽሑፉ ጠፍቷል። እንደገና ይንገሩኝ።»

ዐይናቸውን አፍጥጠው አዩኝ። «ኤዬ… እንደገና?» አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ጀመሩ፣ መሐል ላይ ግን አቆሙ። አልቻሉም። «ሌላ ቀን እመጣለሁ» ብለው ሊሄዱ ተነሱ። ከመንገዱ ማዶ ሌላ ጸሐፊ አለ፣ ወደ እሱ እንዲሄዱ ነገርኳቸው። «ለሌላ ሰው አልናገርም፣ ለአንቺ ነው የተናገርኩት» አሉ። ሰው በደሉን አንዴ መናገሩ ራሱ ስንት ነው! ሌሎቹ ደንበኞቼ ግን እንደሳቸው አልጠበቁኝም፤ አንድ ሁለት ጊዜ ሲጠፋባቸው ወደ ማዶ ተሻገሩ። ምን ልበላቸው? እኔም ብሆን እሻገራለሁ።

ወደ መርካቶ ይዤው ሄድኩ። ባለ ጥገናው የእድራችን ሰው ነው፤ ሰው ሲሞት ድንኳን አብረን የተከልን፣ ወንበር አብረን የቆጠርን። ዕድሜው ከእኔ ብዙ አይበልጥም። ቤቱ ጥግ እስከ ጥግ የተበተነ ኮምፒውተር ነው። «ጨዋታ ነው ይሄ፣ አቧራ በልቶ ነው። የቡና ገለባ ይኼን አገር ኮምፒውተር ጨረሰው እኮ!» አለና ተቀበለኝ። ከሁለት ቀን በኋላ ስሄድ ከፍቶ አቧራውን በነፋስ አስወጥቶ፣ ሙቀቱን እንዲያወጣ ውስጡ የሚቀባውን ቅባት ቀይሮ ጠበቀኝ። እፊቴ አብርቶ አሳየኝ፣ ማቀዝቀዣው ፋን እፉ እያለ ተነሳ። የጠየቀኝን ከፈልኩ፣ «ሙሉ ሰርቪስ ተደርጎ ተሠርቷል» የሚል ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ሰጠኝ፣ መርቄው ወጣሁ። በነጋታው መብራት አልነበረንም፣ በባትሪ አጫጭሩን ስጽፍ ሰላም ነው። በማግስቱ መብራታችን መጣ። አንድ የውክልና ጽሑፍ እያገባደድኩ ሳለ ድርግም!

ደሜ ፈላ። እኔ ደግሞ ቁጣ ይዤ ማደር የማልችል ሰው ነኝ። በራፉን ቆልፌ፣ ባጃጅ ይዤ በዚያችው ሰዓት መርካቶ። መርካቶ ጨልሟል። ሰውየው ላፕቶፑን በባትሪ አበራው፣ አየው፣ ሰዓቱን አየ፣ ከጎረቤቱ ከልብስ ሰፊው ጋር ወሬ ጀመረ። ደህና ነው። አሁንም ደህና ነው።

«አየሽ? እኔ ጋ ይሠራል» አለኝ።

«እኔ ጋ ደግሞ አይሠራም!»

«እንግዲያው ችግሩ አንቺ ጋ ነው» አለ። «መስመርሽ ነው የሚያጠፋው። ቆርቆሮ ቤት፣ ከሰው ቤት የተቀጠለ ሽቦ… ምን ትጠብቂያለሽ? እሺ፣ ለማንኛውም ተዪው፣ በነፃ ደግሜ አየዋለሁ።»

ከሁለት ቀን በኋላ «ደግሜ አይቼዋለሁ፣ ምንም የለውም» ብሎ መለሰልኝ፤ ያን ቀንም መርካቶ ጨልሟል። እኔ ክፍል ወስጄ ቻርጀሩን ሰካሁበት፣ እንደ ልማዱ ግማሽ ሰዓት ሲሞላው ሞተ። ያንኑ ቀን ተመልሼ ሄድኩ። አሁን ግን ፊቱን አጠቆረ።

«እህቴ፣ ማሽን እኮ አያያዝ ይፈልጋል። ውኃ አፍስሰሽበት ይሆናል፣ ጭንሽ ላይ አድርገሽ ይሆናል። ሴቶች ስትባሉ ነገሩን አበላሽታችሁ አምጥታችሁ፣ ጥፋቱ የጠጋኝ! እኔ ሥራዬን ሠርቻለሁ፣ ደረሰኝሽ ላይ አለ።»

ሴቶች ስትባሉ! ምላሴ ታሰረ። እኔ፣ የስንቱን ምላስ የፈታሁት ሴት፣ አንድ ቃል ሳይወጣኝ ላፕቶፔን አቅፌ ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ ነው መልሱ ሁሉ የመጣልኝ፣ አንዱ ከአንዱ የሚያምር! ግን ማን ሰማኝ፣ ባለ ባጃጁ ብቻ ነው የተሰደበው ምስኪን።

በነጋታው የጨለማ ተራችን ነበር። ደንበኛ አልመጣም። ተቀመጥኩና ላፕቶፑን በባትሪ ከፍቼ ጻፍኩለት። ኧረ ምን ጻፍኩለት፣ አወረድኩበት እንጂ! «ሌባ»፣ «ዐይን አውጣ»፣ «እድርተኛ መሳይ ቀማኛ»፣ ሌላም እዚህ የማልደግመው። ላፕቶፑ ደግሞ፣ ይገርማል፣ ጸጥ ብሎ ይጽፍልኛል። መቼም የራሱን ክስ ሲጽፍ እንዲህ የታዘዘ የለም።

ጨርሼ ሳነበው ሳቄ መጣ። እንዲህ ያለ ወረቀት ደንበኛ ይዞልኝ ቢመጣ ምን እንደምለው አውቀዋለሁ። «አባቴ፣ ስድቡን አውጣ። ስድብ ለአንተ ቁጣ እንጂ ለዳኛ ምን ይጠቅመዋል? መቼ? የት? ምን ሆነ? ምን እንዲደረግልህ ትፈልጋለህ? ይኸው ነው» ነው የምለው። ስንት ዓመት ሰው ላይ የጫንኩትን ሕግ በራሴ ላይ ላድርገው አልኩ። ሁሉንም ደመሰስኩና እንደገና ጀመርኩ። እራሴን እንደ ደንበኛ አግዳሚው ላይ አስቀመጥኩት በሉት።

መቼ ጠፋ? የውክልናው ቀን። ያ ቀን ምን ነበር? የብርሃን ቀን። የአዴ ቀን? አዎ፣ ማተሚያው ክፍት ነበር፣ ብርሃን ነው። ሁሉንም አንድ በአንድ ስጽፍ እጄ ቆመ። በጨለማው ቀን ጠፍቶብኝ ያውቃል? የለም። አሁን ስሳደብበት ጠፋ? የለም! በባትሪ የምሠራው ለአጭር ጊዜ ነው፣ ቶሎ ቶሎ እከድነዋለሁ፣ በባትሪ ሲሠራም ኃይሉን ይቆጥባል፣ አይሞቅም። የሚሞቀው ቻርጀር ተሰክቶበት ሳያርፍ ሲሠራ ነው። እኔ ደግሞ ሲጠፋብኝ ነው እየበረርኩ መርካቶ የምሄደው። የእኔ ብርሃን የእሱ ጨለማ ነው! የተረከብኩትም እንደዚያው፣ ሥራ ባለኝ ቀን፣ እሱ በጨለመበት ቀን። ታዲያ በምን ይሞክረው? በባትሪ፣ ለአፍታ፣ ወሬ እያወራ።

ከወንበሬ ብድግ አልኩ። የእሱም ሥራ ገባኝ። ብርሃን ባለ ቀን ብየዳ ነው የሚሠራው፤ ያለ መብራት መበየጃ አይግልም። የብሎን መፍቻ ሥራ፣ አቧራ ማውጣት፣ ቅባት መቀባት፣ ይሄ ሁሉ ለጨለማው ቀን ይቀመጣል። የእኔ ላፕቶፕ ደግሞ የመፍቻ ሥራ ነበር። ከተከፈተበት ሰዓት ጀምሮ እስከተዘጋበት ድረስ የመብራት ገመድ አልነካውም። ሰውየው ሌባ አይደለም እንግዲህ። ግን «ሴቶች ስትባሉ» ያለው አፉስ? እሱን ፈረቃው አላናገረውም!

ደብዳቤው እንዲህ ሆነ፦

«ጉዳዩ፦ ተከፍሎበት ተጠግኗል ተብሎ ከነብልሽቱ ስለተመለሰልኝ ላፕቶፕ። ሥራ ላይ እያለ እየሞቀ የሚጠፋ ላፕቶፕ ለጥገና ሰጥቼ፣ የተጠየቅኩትን ከፍዬ፣ ተሠርቷል የሚል ደረሰኝ ተቀብያለሁ። ላፕቶፑ በዚያው ብልሽት ይጠፋል። ለሁለተኛ ጊዜ ታይቶም አልተስተካከለም። ብልሽቱ የሚታየው ቻርጀር ተሰክቶ ያለማቋረጥ ሲሠራበት ሲሆን፣ እስካሁን በጥገና ቤቱ የተደረገው ሙከራ በባትሪ ብቻ ነው። ስለዚህ መብራት ባለበት ቀን፣ በጥገና ቤቱ መስመር፣ ቻርጀር ተሰክቶ፣ እኔ ባለሁበት ለአንድ ሰዓት እንዲሞከርልኝ፤ ከጠፋ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲጠገንልኝ፣ ካልሆነ የከፈልኩት እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። የደረሰኙ ቅጂ ተያይዟል።»

ከሥር ደግሞ፦ «ግልባጭ፦ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት።» ይቺ መስመር እኮ ነች ደብዳቤን ደብዳቤ የምታደርገው። የዚህ አገር ነጋዴ ደብዳቤውን ከታች ወደ ላይ ነው የሚያነበው።

በማግስቱ መብራት እንደመጣ፣ ማሽኑ ሳይሞቅብኝ፣ አተምኩት። ለንግድ ጽሕፈት ቤቱ በኦሮምኛ ገልብጬ አስገባሁና የገቢ ማኅተም አስመታሁ። ከዚያ መርካቶ ሄጄ ዋናውን ለሰውየው ዘረጋሁለት፣ ሁለተኛውን ቅጂ ደግሞ «ደርሶኛል ብለህ ፈርምልኝ» አልኩት።

ከላይ አላየውም። ወደ ግልባጩ ነው ዐይኑ የሄደው። «ደብዳቤ?» አለ። «ለእኔ? በድንኳን አብረን ያለቀስን ሰዎች? አፍ የለሽም? መጥተሽ መናገር አትችይም?»

«ሁለቴ ተናገርኩ። ‹ሴቶች ስትባሉ› አልከኝ።»

«አልፈርምም! ውሰጂልኝ!» ጠረጴዛው ላይ መልሶ ወረወረው።

የደረሰን ወረቀት አልፈርምም ማለት ለእኔ የታወቀ የቆየ ብልሃት ነው፤ መድኃኒቱንም አውቀዋለሁ። ልብስ ሰፊውን ጠራሁ። «ጋሼ፣ ይኸው ስሰጠው አይተዋል። እዚህ ላይ፣ ‹ስትሰጠው አይቻለሁ፣ አልፈርምም ብሏል› ብለው ይፈርሙልኝ።»

«ወላሂ ልጄ፣ እኔን ከጎረቤቴ አታጣዪኝ…»

«የማጣላዎት ያላዩትን እንዲፈርሙ ባስገድድዎት ነበር። አላዩም?»

መርፌውን ከአፉ አውጥቶ ፈረመ። በራፉ ላይ የስልክ ካርድ የምትሸጠውም ፈረመች፣ እሷማ ሳላስለምናት ነው፣ ዐይኗ ደስታ በደስታ ሆኖ። ዋናውን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ።

ሠፈር ጉድ ፈላ። «ጸሐፊዋ እድርተኛዋን ከሰሰች» ተባለ። ደብዳቤ እኛ ጋ ገና ሲታይ ክስ ነው፤ ለጎረቤት ሰው ሽማግሌ እንጂ ደብዳቤ አይላክም። ለቅሶ ቤት ውስጥ ከእኔ ጎን የምትቀመጠው ሴት ወንበሯን ሳብ አደረገች። አላፈርኩም። ከሰው ጋር ተዋድጄ ለመኖር ብዬ ያልተሠራ ሥራ ተሠራ እንድል ነው የሚፈልጉት? ሞቼ ነው ቆሜ!

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ የእድሩ ሰብሳቢ ጥላቸውን ዘርግተው ጠበቁኝ። አባቴ በሕይወት ሳለ በመንግሥት ሥራ አብረውት የነበሩ፣ ስሞታ ይዞ ወደ እሳቸው የሄደ ሰው ሁሉ ታርቆ የሚመለስላቸው ሽማግሌ ናቸው።

«ልጄ፣ ደብዳቤሽ ንግድ ጽሕፈት ቤት ገብቷል አሉ» አሉኝ።

«አዎ አባባ፣ ማኅተም ተመቶበታል።»

«ልጁ ደነገጠ እኮ። ፈቃዱን ይነጥቁኛል እያለ ነው። ተዪለት፣ ገንዘብሽን ይመልስልሽ፣ አንቺም ደብዳቤውን አንሺው። እድር ውስጥ ደብዳቤ ደስ አይልም።»

«አባባ፣ ገንዘቡ የጠፋብኝ ይመስልዎታል? የጠፋብኝ ሐምሌ ነው። ፍርድ ቤቱ ሊዘጋ ነው። ደንበኞቼ ማዶ እየተሻገሩ ነው። ገንዘቡን ቢመልስልኝ ላፕቶፑ እንደታመመ ነው የሚቀረው። ደግሞስ ምን ጠየቅኩ? ይቀጣልኝ አልኩ? ይታሰርልኝ አልኩ? አብረን ቁጭ ብለን እንሞክረው ነው ያልኩት። ይነበብልዎት?» ቅጂው በቦርሳዬ ነበር። አወጣሁና ቆሜ አነበብኩላቸው፣ ምእመናኑ በግራ በቀኝ እያለፉን።

ሽማግሌው ሰምተው ሲጨርሱ ጥላቸውን አጠፉት። «ይሄ ብቻ ነው?»

«ይሄ ብቻ ነው።»

«ስድብ የለውም?»

«ነበረው አባባ፣ አውጥቼዋለሁ።»

ሳቁ። «እንግዲያው ሽምግልናም ቢሆን ከዚህ ሌላ ምን ሊል ነው?» አሉ። «ነገ የመርካቶ ተራ ነው፣ እኔም እመጣለሁ።»

ሰኞ ጠዋት ብቻዬን አልሄድኩም። አዴን ይዤ ሄድኩ። ከሊሙ ተመልሰው መጥተው ክፍሌ በራፍ ላይ ቆመው ሳገኛቸው ሁሉን ነገርኳቸው። ማሽኑ የሚጠፋው ሲሠራበት ስለሆነ የሚጻፍ ነገር ያስፈልገኛል፣ ምናልባትም መሐል ላይ ይጠፋል፤ ባያስችልዎት አይምጡ አልኳቸው። «እመጣለሁ» አሉ። «ያን ቀን እኔም ነበርኩ፣ እኔም ምስክር ነኝ።» ሳልነግራቸው የቀረሁት አንድ ነገር ቢኖር አሁን በየአረፍተ ነገሩ እያስቀመጥኩ እንደምጽፍ ነው።

ጥገና ቤቱ በብርሃን ቀን ሌላ ቤት ነው። አምፖሉ በርቷል፣ መበየጃው ይጨሳል፣ የልብስ ሰፊው ሬዲዮ ከጎን ይጮኻል። ባለ ጥገናው ወደ እኔ ሳያይ ለሽማግሌው ወንበር አቀረበ። ላፕቶፔን ተቀብሎ በራሱ እጅ ቻርጀሩን በራሱ ሶኬት ላይ ሰካ። አበራው። ፋኑ እፉ አለ። «ይኸው ይዞራል!» አለ ለሰው ሁሉ። «ይኸው፣ ስሙት! እኔ ምን ላድርግ?»

«ገና ነው» አልኩና በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ፤ አዴም ከጎኔ። «ይንገሩኝ አዴ።»

ጀመሩ። ዝቅ ባለ ድምፅ፣ አማርኛውን ከኦሮምኛው ጋር እያቀላቀሉ፣ እኔ ወደ ኦሮምኛው እያቀናሁ እየጻፍኩ። ችግኙን ከየት እንዳመጡት፣ ባላቸው ጉድጓዱን ሲቆፍር እሳቸው ሲተክሉ፣ መጀመሪያ ያፈራ ጊዜ። ልብስ ሰፊው ሬዲዮውን ዘጋ። ካርድ ሻጯ በራፉ ላይ ቆመች። ባለ ጥገናው መጀመሪያ ላይ ሥራውን እየሠራ ነበር፣ ቀስ በቀስ መበየጃውን ማስቀመጫው ላይ አሳረፈ። አዴ የባላቸው ቀብር ላይ ደረሱ። የባላቸው ወንድም ከቀብሩ መልስ ቡናው ውስጥ ሲገባ ያዩበት ቀን ላይ ደረሱ። «እኔ ገና ጥቁር ልብሴን አልለወጥኩም፣ እሱ ግን—» ሲሉ፣ ድርግም!

ጥቁር መስታወት። የሁላችንም ፊት ውስጡ ይታያል።

አዴ ማያውን አዩ፣ ቀጥለው ወደ ባለ ጥገናው ዞሩ። አልተቆጡም፤ እንዲያው የደከመው ሰው ጥያቄ ነው የጠየቁት።

«ጠፋ፣ ልጄ?» አሉት። «አሁን ደግሞ ለአንተ፣ ከመጀመሪያው ልጀምርልህ?»

ሰውየው ፊቱ አመድ መሰለ። እጁን ከላፕቶፑ ሥር ሲያስገባ አቃጥሎት መለሰ። ጆሮውን ጎኑ ላይ አድርጎ መልሶ አበራው፣ ሰማ። «ቆሟል» አለ ለራሱ በሚመስል ድምፅ። «ፋኑ ቆሟል። ቀዝቃዛ ሲሆን ይዞራል፣ ሲሞቅ ይቆማል። ሞተሩ ነው ያለቀ። አቧራ አልነበረም… አቧራ ብቻ አልነበረም።» ከዚያ ቀና ብሎ ወደ ሽማግሌው ሳይሆን ወደ እኔ አየ። «አንድም ቀን ሰክቼ አልሞከርኩትም። እውነቷን ነው።»

ሽማግሌው ወዲያው ወደ ማስታረቁ ሊገቡ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ተመስገን፣ ታወቀ። ልጁ ይሠራልሻል፣ አንቺም ደብዳቤሽን ቅደጂው፣ ይብቃ።»

«አልቀድም አባባ» አልኩ። «ውሸት አልጻፍኩም። የሚቀደደው ውሸት ነው። ሲሠራልኝ ሄጄ ‹ተሠርቶልኛል› ብዬ እዚያው ንግድ ጽሕፈት ቤት አስገባለሁ፤ እሱም እውነት ስለሚሆን። አሁን ግን አንድ ነገር ቀርቷል።» ቅጂዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። የልብስ ሰፊውና የካርድ ሻጯ ፊርማ ታች ላይ አለ። «መፍቻውን ከማንሳትህ በፊት ፈርምልኝ። ሴቶች ስንባል እንዲህ ነን።»

ካርድ ሻጯ ፍርፍር ብላ ሳቀች። እሱም ሊቆጣ ፈልጎ አፉ አልታዘዘው አለ፣ ከንፈሩ ጫፍ ላይ ፈገግታ መጣ። እስክሪብቶ ፈለገ፣ አጣ፤ ልብስ ሰፊው ከጆሮው ላይ አውጥቶ ሰጠው። አሁን ደብዳቤውን ከላይ ጀምሮ አነበበው። ቆሞ፣ ቃል በቃል፣ ከጉዳዩ እስከ ግልባጩ። ሲጨርስ «ደርሶኛል» ብሎ ጻፈ። ጥቂት አሰበና ከጎኑ ጨመረ፦ «ልክ ነው»። ፈረመ።

ከዚያ ከመሳቢያው የተበታተነ የዚያው ዓይነት ላፕቶፕ አወጣ፣ ፋኑን ፈታ፣ በጣቱ አዙሮ ሞከረው፣ የእኔን ከፍቶ ተካው፣ ቅባቱን እንደገና ቀባ። ሲያበራው ሰክቶ ነው ያበራው። ሰዓቱን ግድግዳው ላይ እያየ፣ «አሁን አንድ ሰዓት እንቀመጣለን» አለ። ማንም ሳያዘው ለአዴ ትራስ ያለውን የራሱን ወንበር አመጣላቸው፤ «እማማ፣ እዚህ ይሻልዎታል» ብሎ።

ላፕቶፑን ስከፍተው የአዴ ጽሑፍ እስከ መጨረሻይቱ አረፍተ ነገር ድረስ አለ። አሳየኋቸው። ማንበብ አይችሉም፣ ግን ጣታቸውን ማያው ላይ አድርገው «ይሄ የእኔ ነው?» አሉኝ። «የእርስዎ ነው አዴ፣ አልጠፋም» አልኳቸው። ዐይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉና ተስተካክለው ተቀመጡ።

«እንግዲያው ጻፊ» አሉ። «ከቆምኩበት ነው የምቀጥለው። ጥቁር ልብሴን አልለወጥኩም ነበር…»